ለተጠባባቂ ሰርቨር ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ማስታወሻ

ጅማ ውስጥ ቡና የሚገዛ ድርጅት ውስጥ የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ኅዳር ላይ የእኛ ቤት ቅዳሜና እሁድ አያውቅም። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በጎማ፣ በማናና በሊሙ ኮሳ በኩል ያሉት 11 ጣቢያዎቻችን እስኪመሽ ድረስ ይመዝናሉ፣ ይከፍላሉ። የተመዘነው ኪሎ፣ የተከፈለው ብር፣ አቅራቢው የወሰደው ቅድሚያ ክፍያ፣ ሁሉም ከተማ ቢሮ ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ይገባል። አንድ ሰርቨር። ችግሩም እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አልጠበቀም። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ አልተመለሰም። ሁለት ዲስኮች አንዱ የአንዱ ግልባጭ ሆነው ነበር የሚሠሩት። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀጥላል የሚባለው ዓይነት። ግን አንደኛው ለካ ከሞተ ቆይቷል። ጥበቃው አባባ በኋላ ሲነግሩኝ፣ «ያቺ ቢጫ መብራት እኮ ከመስቀል ጀምሮ ትበራለች፤ እኔ እንደሱ ነው የምትሠራው ብዬ» አሉ። ያን ማታ የሄደው ሁለተኛው ነው።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት በዝርዝር አልናገርም፤ እንዲህ ዓይነት ሌሊት ያሳለፈ ያውቀዋል። የምጽፈው ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ «ምን እንደሆነና ምን እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ አቅርብ» ካሉኝ በኋላ ስለሆነው ነው። የመጀመሪያው ማስታወሻዬ ወድቋል። ሁለተኛው አልፏል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ባውቀው ኖሮ ሁለት ሳምንት አይባክንም ነበር።

የመጀመሪያው አራት ገጽ ነበር። ስለ ሪፕሊኬሽን፣ ማለትም ዳታው ወደ ሁለተኛ ሰርቨር ወዲያው ወዲያው ስለሚገለበጥበት መንገድ ገለጽኩ፣ ሥዕል ሳልኩ፣ የአዲስ ሰርቨር ፕሮፎርማ 620 ሺህ ብር አያይዤ ላክሁ። የፋይናንስ ኃላፊዋ አስጠሩኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ አስምረዋል።

«አንተ ልጅ፣ ባክአፕ አለን አላልከንም እንዴ? ባለፈው ዓመት የባክአፕ ዲስክ ብለህ አላስገዛኸኝም?»

«አለን እትዬ። ሠርቷልም። ዳታው የተመለሰው በእሱ ነው።»

«እና ሌላ ሰርቨር ለምን?»

አፌ ተያዘ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አራት ገጽ ሙሉ ስጽፍ እሱን አልመለስኩትም። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ሌላ ሥራ ጀመርኩ። ያ መቋረጥ ሰዓት በሰዓት ምን እንደበላ መዘገብኩ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር፦ የሰርቨሩ ሎግ 20:14 ይላል፣ የጣቢያ ሠራተኞች ስልክና ማስታወሻ ደብተር ደግሞ 2:14 ይላል። ሁለቱን ሳታስታርቅ ዝርዝር ከሠራህ የስድስት ሰዓት ስህተት ውስጥ ትገባለህ፤ እኔ አንዴ ገብቼ ነበር። ለአለቆች የምጽፈውን በሙሉ ወደ እኛ ሰዓት ቀየርኩት።

ሰርቨሩ የቆመው ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ14 ነው። አንዲት የጣቢያ ሠራተኛ ደውላልኝ፣ ከቤቴ ተነስቼ ቢሮ የደረስኩት 3 ሰዓት ከ20። አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ። ዲስኩ መሞቱን እስካምን ድረስ፣ እያወጣሁ እየከተትኩ፣ 5 ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ከ40። ከዚያ ባክአፑን የምመልስበት ማሽን አልነበረም። በዚያ ሌሊት ክፍት ሱቅ የለም፤ እሁድም የለም። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ አለቃውን አስፈቅዶ አንድ ማሽን ያዋሰኝ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። 15 ሰዓት። ሲስተሙንና ዳታቤዙን ለመጫን ሦስት ሰዓት። ባክአፑን ለመመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል። ለመፈተሽና ጣቢያዎቹን መልሶ ለማገናኘት አንድ ሰዓት ከ44። ሥራ የጀመርነው ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ14።

ድምሩ 29 ሰዓት ነው። ቁጥሩን እንደዚህ ዘርዝሬ ስደረድረው እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ከ29ኙ ውስጥ ትልቁ፣ 15ቱ፣ ምንም ቴክኒክ የሌለበት ማሽን ፍለጋ ነው። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ሁለት ገጽ ያወራሁት ስለ ባክአፕ ፍጥነት ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩሉም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው፤ ባክአፑ የሚወሰደው pg_dump በሚባለው የራሱ መሣሪያ ነው። እሱ የሠንጠረዦቹን ይዘት ያስቀምጣል እንጂ ኢንዴክሶቹን አያስቀምጥም፤ ሲመለስ እያንዳንዱ ኢንዴክስ እንደ አዲስ ይገነባል። 110 ጊጋባይት ዳታ በተዋስነው ማሽን ተራ ዲስክ ላይ ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ሩብ ሰዓት የባከነው በእኔው ስህተት ነው፤ pg_dump የተጠቃሚዎቹን ስምና የይለፍ ቃል አይዝም። እነሱን ለብቻ መውሰድ ያስፈልጋል፦

```
pg_dumpall --globals-only > globals.sql
```

እኔ አልወሰድኩም ነበር። ሲመለስ «ይህ ተጠቃሚ የለም» የሚል መልእክት ዘነበብኝ። ዛሬ ማታ ባክአፓችሁን ክፈቱና እዩ፤ ይህቺ ፋይል ከሌለች ነገ ጨምሯት።

ሌላው የጠፋው ነገር ዳታ ነው። ባክአፑ በየቀኑ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይወሰዳል። ሰርቨሩ የሞተው ቅዳሜ 2 ሰዓት ከ14 ላይ ስለሆነ በእጄ የነበረው የዓርቡ ነው። የቅዳሜው ግዢ ሙሉ በሙሉ የለም። 412 ደረሰኝ ከካርቦን ቅጂ ላይ አራት ሠራተኞች አንድ ቀን ተኩል ሲያስገቡ ከረሙ። ዘጠኙ ዝናብ የነካቸው ስለነበሩ አልተነበቡም። እሁድ ዕለት ደግሞ ጣቢያዎቹ የቅድሚያ ክፍያ ቀሪ ማየት ስላልቻሉ ሦስት አቅራቢዎች ሁለት ጊዜ ተከፈላቸው።

ሁለተኛውን ማስታወሻ በዚህ ጀመርኩ። ወደ አንድ ገጽ ከመውረዱ በፊት ግን የእትዬን ጥያቄ በአንድ አንቀጽ መመለስ ነበረብኝ። መልሱ የመጣልኝ ከሾፌራችን ጋር አጋሮ ደርሰን ስንመለስ፣ ጎማ ሲፈነዳ ነው። ባክአፕ ማለት ጎሚስታ ጋ የተቀመጠ ጎማ ነው። ጎማው አለ፤ ደህናም ነው። ግን አንተ መንገድ ላይ ቆመሃል። ተጠባባቂ ሰርቨር ስኮርታ ነው፤ መኪናው ላይ ነው፣ የተነፋ ነው። ይህን እንዳለ ጻፍኩት። ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ስኮርታ የሚል ቃል ይገባል ወይ ብዬ ትንሽ አመነታሁ፤ ግን የፋይናንስ ኃላፊዋ በኋላ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ያንኑ ነው።

የማስታወሻው ዋና ክፍል ይህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ተጠባባቂ ሰርቨር። ሰርቨራችን ለ29 ሰዓት ቆሟል። ከዚህ ውስጥ 15ቱ ሰዓት ማሽን በመፈለግ፣ 9 ሰዓት ተኩሉ በመጫንና ባክአፕ በመመለስ፣ ቀሪው 4 ሰዓት ተኩል በመድረስ፣ ችግሩን በመለየትና በመፈተሽ አልፏል። ተጠባባቂ ሰርቨር ቢኖረን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይኖሩም ነበር። ሦስተኛው ግን ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ ሰው ቢሮ መድረስና መወሰን አለበት። ስለዚህ የምጠይቀው ከ29 ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ እንድንወርድ ነው እንጂ ጨርሶ እንዳንቆም አይደለም። የዲስኩ መብራትና የዩፒኤሱ ባትሪ ቀድመው መታየት ነበረባቸው። ይህ የእኔ ክፍል ጉድለት ነው፤ ተስተካክሏል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ጓደኞቼ «አብደሃል? ራስህን ታስበላለህ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ያቺ ቢጫ መብራት በጥበቃው አፍ ሥራ አስኪያጁ ጋ እንደምትደርስ አውቅ ነበር። ደግሞም ደርሳ ነበር።

እንዳሰብኩትም የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያው መጣ። «ዲስክና ባትሪ ከሆነ ችግሩ ዲስክና ባትሪ ቀይር፤ ሰርቨር ምን ያደርጋል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመለስኩት እንዲህ ነው፦ ባትሪና ዲስክ መቀየር የመቆሙን ዕድል ይቀንሳል፤ ከቆመ በኋላ ያለውን ርዝመት ግን አይነካም። ማዘርቦርዱ ቢሄድ፣ ክፍሉ ውኃ ቢገባው፣ ያው 29 ሰዓት ይጠብቀናል። ባዶ ማሽን ገዝተን መጋዘን ብናስቀምጥስ? ያ 15ቱን ሰዓት ያስቀርልናል፤ ግን መጫኑና መመለሱ እንዳለ ነው፣ የቅዳሜው ዳታም አይተርፍም።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። ጀርባዬን ላብ ያሰመጠው እዚህ ነው። የዚያ ቅዳሜና እሁድ የተረጋገጠ ኪሳራ፣ ያልተመለሰው ድርብ ክፍያ፣ የትርፍ ሰዓትና ያልተነበቡት ደረሰኞች ተደምረው 214 ሺህ ብር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ዓይነት መቋረጥ የገጠመን አንዴ ነው። በዓመት ሲካፈል 71 ሺህ ገደማ። የ620 ሺህ ብር ሰርቨር አምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 124 ሺህ፣ ለመስመር ኪራይ 36 ሺህ ሲጨመርበት 160 ሺህ። አያዋጣም። ካልኩሌተሩ እኔኑ ነው የካደኝ።

ቁጥሩን ለማሳመር ብዙ ፈተና ነበረብኝ። «የደንበኛ እምነት» ብለህ ግማሽ ሚሊዮን መጨመር ቀላል ነው። ግን የፋይናንስ ሰው ፊት የማይቆጠር ብር ካስገባህ የሚቆጠረውንም አያምኑህም። ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን ቀየርኩት። አሮጌው ሰርቨር ስድስት ዓመቱ ነው፤ መተኪያው በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ ቀድሞ ተይዟል። እንግዲያው አዲሱ ተጠባባቂ አይሁን። አዲሱ ዋና ይሁን፤ አሮጌው አዲስ ዲስክ ገብቶለት ተጠባባቂ ይሁን። የተጠባባቂው ትክክለኛ ተጨማሪ ወጪ እንግዲህ ዲስኮቹና ባትሪው ብቻ ሆነ፦ 95 ሺህ ብር። ሦስት ዓመት ቢሠራ በዓመት 32 ሺህ ገደማ፣ ከመስመሩ ጋር 68 ሺህ። ከ71 ሺህ ጋር ለጥቂት ተመጣጠነ። አጋንኜ ሳይሆን እኩል ነው ብዬ አቀረብኩ። እሁድ ዕለት ወደ ሌላ ገዢ የሄደውን እሸት አልቆጠርኩም፣ እሱን የግዢ ክፍሉ ይቁጠረው አልኩ። የግዢ ኃላፊው ስብሰባው ላይ ነበሩ። ቆጠሩት። እኔ ከምደፍረው በላይ ነበር።

መስመሩን ያለ ልክ እንዳላስከራይ ቀድሜ ለካሁ። ተጠባባቂው የሚቀበለው ዋናው ሰርቨር የሚጽፈውን የለውጥ መዝገብ ነው። ጠዋት አቋሙን ትመዘግባለህ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ልዩነቱን ታሰላለህ፦

```sql
SELECT pg_current_wal_lsn();
-- በማግስቱ፣ የትናንቱን ቁጥር አስገብተህ
SELECT pg_size_pretty(
  pg_wal_lsn_diff(pg_current_wal_lsn(), '4A/1C000000'));
```

በተጨናነቀው የኅዳር ቀን የወጣልኝ 9 ጊጋባይት ነው። በ24 ሰዓት ሲካፈል በሰከንድ ከአንድ ሜጋቢት በታች ነው፤ ማታ ማታ የሚመጣውን ግርግር አራት እጥፍ ብታስበው እንኳ የ10 ሜጋ መስመር ከበቂ በላይ ነው።

ተጠባባቂውን ያስቀመጥነው ከከተማው ቢሮ ሳይሆን መጋዘኑ ጋ ነው። የመብራት መስመሩ ሌላ፣ ጄኔሬተሩም ሌላ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ብናቆማቸው ያው አንዱ መብራት ሁለቱንም ይወስድ ነበር። መጋዘኑ የራሱ ጣጣ አለው፣ አቧራው፣ የጀሶ ግድግዳው፤ አለፍኩት።

ሲገጠም ሥራው የግማሽ ቀን ነው። የፖስትግሬሱ ዋና ስሪትና የሲስተሙ ስሪት በሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ተጠባባቂው ላይ፣ ባዶ ማህደር ውስጥ፦

```
pg_basebackup -h 10.0.5.10 -U replicator \
  -D /var/lib/postgresql/16/main \
  -R -X stream -C -S jimma_standby -P
```

-C -S jimma_standby የሚለው ክፍል ለተጠባባቂው «ስሎት» ይይዝለታል። ዋናው ሰርቨር ተጠባባቂው ያልወሰደውን መዝገብ አይጥልም ማለት ነው። ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ነውም። ግን በሁለተኛው ሳምንት መጋዘኑ መብራት ከዓርብ እስከ ሰኞ ጠፋ፣ ዋናው ሰርቨርም ያልተወሰደውን መዝገብ ማከማቸት ቀጠለ። ዲስኩ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሊያድነን የመጣው ተጠባባቂ ራሱ ዋናውን ገድሎት ነበር። ሰኞ ጠዋት ይህቺን ጨመርኩ፦

```
max_slot_wal_keep_size = 20GB
```

ከ20 ጊጋ በላይ ከዘገየ ተጠባባቂው ይቀርና እንደ አዲስ ይገለበጣል። ዋናው ግን ይኖራል።

ማስታወሻው ላይ «ተጠባባቂው የማያደርገው» የሚል አጭር ክፍልም ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋ ደጋግመው ያነበቡት እሱን ነው። አንድ ሠራተኛ ተሳስቶ የአቅራቢዎችን ሠንጠረዥ ቢያጠፋ፣ ማጥፋቱም በሰከንዶች ውስጥ ተጠባባቂው ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ጋ ይጠፋል። ስለዚህ የምሽቱ ባክአፕ አይቀርም። ደግሞ ዋናው ሰርቨር ድንገት ሲሞት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ላይተላለፉ ይችላሉ፤ አንድ ሁለት ደረሰኝ ማለት ነው። እነሱም እንዳይጠፉ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያኔ ዋናው ሰርቨር ተጠባባቂውን እየጠበቀ ይጽፋል፣ የመጋዘኑ መስመር በተቋረጠ ቁጥርም ግዢው ይቆማል። በእኛ መስመር ያንን አልመርጥም አልኩ። «ሁለት ደረሰኝ ከካርቦን እናስገባለን» አሉ እትዬ። ተፈረመ።

ስኮርታው መነፋቱን ለማየት ጥር ላይ፣ ግዢው ሲቀዘቅዝ፣ እሁድ ጠዋት ሙከራ አደረግን። መጀመሪያ ተጠባባቂው ወደ ኋላ አለመቅረቱን አየሁ፦

```sql
SELECT client_addr, state, replay_lag FROM pg_stat_replication;
```

ከዚያ የዋናውን ሰርቨር የኔትወርክ ገመድ አስነቀልኩ። ይህን አትዝለሉት። ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» ብለው ከተነሱ ግማሹ ጣቢያ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ይጽፋል፤ ያንን ማስታረቅ ከ29 ሰዓቱ ይብሳል። ገመዱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ መቀመጡን ባልደረባዬ በስልክ አረጋገጠልኝ። ከዚያ ተጠባባቂው ላይ፦

```sql
SELECT pg_promote();
```

በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ዋና ሆነ። በደስታ ልጮህ ነበር። ከዚያ ጣቢያዎቹ መደወል ጀመሩ። አንዱም አልገባም። በ11ዱም ጣቢያ ኮምፒውተሮች ላይ ገመዱ የተነቀለው ሰርቨር አድራሻ በቁጥር ተጽፎ ኖሯል፤ እኔው ነኝ ከዓመታት በፊት የጻፍኩት። በስልክ «ፋይሉን ክፈቺ፣ አምስቱን ሰባት አድርጊው፣ አይ ሁለተኛዋን አምስት» እያልን 52 ደቂቃ ፈጀ።

አሁን ሁሉም ጣቢያ ሁለቱንም አድራሻ ይይዛል፣ መጻፍ የሚቻልበትንም ራሱ ይመርጣል፦

```
host=10.0.5.10,10.0.7.10 target_session_attrs=read-write
```

መጋቢት ላይ ደገምነው። ገመዱ ከተነቀለ እስከ መጀመሪያው ደረሰኝ ስድስት ደቂቃ። ውጤቱን በግማሽ ገጽ ለሥራ አስኪያጁና ለፋይናንስ ላክሁ፤ የ52ቱን ደቂቃም ጭምር። ቢጫዋን መብራት ደግሞ አባባ በየማታው አይተው ጥበቃ መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ፦ «ሰርቨር ክፍል፣ ሁለቱም አረንጓዴ።»